አለቃዬን አልፌ ልሂድ?

«ሒሳብ ክፍል ውስጥ ክፍያ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ከአምስት ወር በፊት የአቅራቢዎችን ኢንቮይስ የምታረጋግጠው ባልደረባዬ ሥራ ለቀቀች። ሥራዋን ‹ለጊዜው ያዢው› ተብዬ እስካሁን ይዤዋለሁ። በየቀኑ አመሻለሁ። ባለፈው ወር ለአንድ አቅራቢ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ገንዘቡ ተመልሷል፣ አለቃዬም ያውቃል፤ ዳይሬክተሯ ግን የሰሙ አይመስለኝም። ለአለቃዬ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ‹ትንሽ ታገሺ፣ እያሰብኩበት ነው› ነው። ዳይሬክተሯን ላናግር እላለሁ፤ ግን አለቃዬ ጥርስ ውስጥ እንዳልገባ ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ድካምሽ አሳሰበኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን «ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ» የሚለው ላይ ቆምኩ። ወደ ላይ መሄድ አለመሄድሽን የሚወስነው እሱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

እስቲ ዛሬ ማታ ወረቀት አውጪና ሦስቱን ንግግሮች ጻፊያቸው። መቼ ነበር? የት? ምን ጠየቅሽው? እሱስ ምን መለሰ? የቡድን መሪ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ቅሬታ ይዞ የመጣን ሰው ይህንኑ አስጽፈው ነበር። ብዙው ሰው «መቼ» እና «የት» የሚለውን ቶሎ ይሞላል። «ምን ጠየቅሽ» የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ይቆማል። የተናገረው የተሰማውን ነዋ! «ሥራ በዝቶብኛል» ማለት መጠየቅ አይደለም። «ደክሞኛል» ማለትም እንደዚያው። እንዲህ ላለው ንግግር «ትንሽ ታገሺ» በቂ መልስ ይመስላል። እሱ አጽናንቶሻል፣ አንቺም ትንሽ ቀሎሽ ወጥተሻል፤ የተወሰነ ነገር ግን የለም። ንግግሩ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ከነበረ፣ ወይም ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ሁሉም ሲሯሯጥ ከነበረ ደግሞ ጭራሽ ላያስታውሰው ይችላል።

ይህን የምልሽ ጥፋቱን ወደ አንቺ ላዞር ፈልጌ አይደለም። አምስት ወር ሙሉ የሁለት ሰው ሥራ መሸከምሽ ልክ አይደለም፤ ይህን ማየት ያለበትም እሱ ነበር። ነገር ግን ዳይሬክተሯ ቢሮ ስትገቢ የሚቀርብልሽ የመጀመሪያ ጥያቄ «ለአለቃሽ ነግረሽዋል?» ነው። ሁለተኛው «ምን ጠየቅሽው? ምንስ አለሽ?» ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ ከሌለሽ ስብሰባው እዚያው ያልቃል። «እንግዲያውስ መጀመሪያ ከእሱ ጋር ተነጋገሩ» ተብለሽ ትመለሻለሽ። ያን ጊዜ ነገሩ ሳይፈታ እሱም ማለፍሽን ያውቃል።

አሁን ወደ እሱ እንምጣ። አንድ አለቃ ተነግሮት ነገሩ ሳይለወጥ ሲቀር ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ወይ አልገባውም፣ ወይ አይችልም፣ ወይ አይፈልግም። ካልገባው መፍትሔው አስተካክሎ መንገር ነው፤ ዳይሬክተሯን ምንም አያስፈልግም። ካልቻለ፣ ማለትም ሰው የመቅጠር ፈቃድ በእሱ እጅ ካልሆነ፣ ዳይሬክተሯ ያስፈልጋሉ። ግን ያኔ እሱን አልፈሽ ሳይሆን ከእሱ ጋር ነው የምትሄዱት። እሱን አልፎ መሄድ ቦታ የሚኖረው ካልፈለገ ብቻ ነው። ክፋቱ፣ ከውጭ ሲታይ ሦስቱም አንድ ናቸው። ሦስቱም «እያሰብኩበት ነው» ይላሉ።

የሚለያቸው አንድ ጥያቄ አለ። «ሰው እንዲቀጠር ጥያቄው በጽሑፍ ቀርቧል? መቼ? ለማን?» በይው። በክስ ድምፅ ሳይሆን ለማወቅ እንደፈለገ ሰው ጠይቂው። አቅርቦ የተከለከለ ሰው ወዲያው ይነግርሻል፤ ብስጭቱም ይታይሻል። «ባለፈው ወር አስገብቼ በጀት የለም አሉኝ» ካለሽ ወገንሽ ነው። ያላቀረበ ሰው ግን ስለ በጀት፣ ስለ ጊዜው፣ ስለ ሌላው ክፍል ችግር ያወራል እንጂ ቀን አይጠራም። ይህን መልስ ሳትሰሚ ዳይሬክተሯ ጋ አትሂጂ።

ከእሱ ጋር አንድ ንግግር ይቀርሻል ማለት ነው። ይህኛው ከሦስቱ የተለየ ይሁን። በቀጠሮ፣ በር ተዘግቶ፣ 30 ደቂቃ። ከዚያ በፊት ለ10 የሥራ ቀናት የራስሽን ሥራና የለቀቀችውን ባልደረባሽን ሥራ ሰዓት ለይተሽ መዝግቢ። ኤክሴል ላይ ሁለት ዓምድ ይበቃል። እንበልና በ10 ቀን ውስጥ የሷ ሥራ 32 ሰዓት ወሰደ። ያ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። «በጣም በዝቶብኛል» ከማለት ይልቅ «በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ የሌላ መደብ ሥራ እየሠራሁ ነው» ስትይ ነገሩ ውሃ ይቋጥራል። አለቃሽም ወደ ላይ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ቁጥር ያገኛል። ምናልባትም ሲፈልገው የነበረው ይህን ይሆናል።

ከሰዓቱ በላይ ግን በእጅሽ ያለ ከባድ ነገር አለ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ትንሽ ቦታ ነው የሰጠሽው። በፊት እሷ ታረጋግጣለች፣ አንቺ ክፍያ ታዘጋጃለሽ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ዓይን። አሁን አንድ ሰው ያረጋግጣል፣ ያው ሰው ያዘጋጃል። በሒሳብ ሥራ አንዱ ያዘጋጀውን ሌላው የሚያየው በከንቱ አይደለም። አንቺ ስትሳሳቺ የሚይዝሽ፣ ሌላው ሲያጭበረብርም የሚጋለጠው በዚያ ነው። ሁለት ጊዜ የተከፈለው ገንዘብ የድካምሽ ውጤት ብቻ እንዳይመስልሽ። ያን ኢንቮይስ ሁለተኛ የሚያይ ሰው ስላልነበረ ነው ያለፈው። ነገ አንድ ነገር ቢጎድል ደግሞ በሁለቱም ቦታ ያለው ፊርማ የአንቺ ብቻ ነው። ይህ አንቺንም፣ አለቃሽንም፣ ዳይሬክተሯንም የሚያሰጋ ጉዳይ ነው። ድካምሽ እውነት ነው፤ ዳይሬክተር የሚያስነሳው ግን የጠፋው ቁጥጥር ነው።

ስለዚህ በዚያ ንግግር ላይ የምትጠይቂው አንድ ነገር ይሁን፤ ማረጋገጡ ከእኔ እጅ ይውጣ። እንዴት እንደሚወጣ ግን መንገድ አምጪለት። ሰው እስኪቀጠር ከክፍሉ ሌላ ሰው ማረጋገጡን ሊይዝ ይችላል። ያም ካልሆነ ካንቺ ሥራ አንዱ፣ ለምሳሌ በየወሩ የአቅራቢዎችን መግለጫ ማመሳከሩ፣ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ይችላል፤ ቢያንስ ክፍያው ከመውጣቱ በፊት እሱ ራሱ ያያል። ምርጫው የእሱ ይሁን። ቀን ግን ይቆረጥ። 15 የሥራ ቀን ተገቢ ይመስለኛል። ከዚያ ያነሰ ችኮላ ይሆናል፤ ከዚያ የበለጠ ደግሞ ያው «ለጊዜው» ነው።

ከስብሰባው ወጥተሽ በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል ላኪለት። እንዲህ ያለ፦

«ዛሬ ስለተነጋገርን አመሰግናለሁ። የተግባባነውን ለማስታወስ ያህል፦ ላለፉት 10 ቀናት የማረጋገጥ ሥራው 32 ሰዓት ወስዷል። ማረጋገጡም ክፍያ ማዘጋጀቱም በአንድ ሰው እጅ በመሆኑ ባለፈው ወር የታየው ዓይነት ስህተት ሊደገም ይችላል። ማረጋገጡን ማን እንደሚይዝ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ እንደምታሳውቀኝ ተነጋግረናል። የሳትኩት ካለ አርመኝ።»

ይኸው ነው። ለማንም ኮፒ አታድርጊ። «የሳትኩት ካለ አርመኝ» የምትለዋ ሐረግ ብዙ ትሠራለች። ኢሜይሉ የማስረጃ መሰብሰቢያ ሳይሆን የመግባቢያ ወረቀት መሆኑን ትነግረዋለች። እሱም ካልተስማማ አሁኑኑ እንዲናገር ዕድል ትሰጠዋለች።

በ15ቱ ቀን ውስጥ የሚያደርገውን ተከታተይ። ቁጥሮቹን ከጠየቀሽ፣ «እንዲህ ብለውኛል» ብሎ የማያስደስት መልስም ቢያመጣልሽ፣ እየሠራ ነው። ቀኑ አንድ ጊዜ ቢያልፍበት አስታውሺው፤ ሰው ነው። ለማስታወሻሽም መልስ ከሌለው፣ ወይም ቀኑ ያለ ምክንያት ሁለተኛ ጊዜ ከተገፋ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ላይ መሄድሽ ትክክል ነው። እኔ በሙሉ ልብ «ሂጂ» እልሻለሁ።

ግን መጀመሪያ ንገሪው። ይህን ስትሰሚ ሆድሽ እንደሚረበሽ አውቃለሁ። እኔ ያልነገርኩ ቀን የሆነውን ላጫውትሽ።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። አለቃዬ የሥራ ፈረቃችንን ባሰኘው ጊዜ ይቀያይረው ነበር። ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ በቃል ብቻ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ ለእሱ አለቃ ረጅም ኢሜይል ጻፍኩ። ስለ ፈረቃው ብቻ ሳይሆን ስለ ጠባዩ፣ ስለሚያዳላላቸው ሰዎች፣ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ጠዋት ቢሮ ስገባ አለቃዬ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የኔ ኢሜይል ታትሞ ተቀምጧል። ከላዩ የአለቃው አንድ መስመር አለ፤ «እባክህ ተነጋገሩበት» የምትል። ሦስት ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። የተሰመረባቸው ሦስቱም ስለ ጠባዩ የጻፍኳቸው ነበሩ። ስለ ፈረቃው የተሰመረ አንድም አልነበረም። «ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?» አለኝ። ነግሬው ነበር፤ የማሳየው ግን አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ለወራት ሆድና ጀርባ ሆነን ከረምን። ፈረቃው እንዳለ ቀጠለ።

እኔም በተራዬ አለቃ ስሆን የሰውዬውን ቁጣ ተረዳሁት። አለቃን የሚያቃጥለው መከሰሱ ብቻ አይደለም። ስለ ራሱ ክፍል ከበላዩ መስማቱ፣ ሳይዘጋጅ መጠየቁ ነው። አስቀድመሽ ስትነግሪው ያን ታስቀሪለታለሽ። አንዳንዴ ደግሞ መናገርሽ ብቻውን ነገሩን ይፈታዋል፤ ለ15 ቀን ያልተገኘው ሰው በማግሥቱ ይገኛል። እንደ ማስፈራሪያ ግን አትጠቀሚበት። የማታደርጊውን አትበይ።

እንዲህ ልትይው ትችያለሽ፦ «ይህን ጉዳይ በእኛ ደረጃ መጨረስ አልቻልንም። ክፍያውና ማረጋገጡ በኔ እጅ አብረው መቆየታቸው ያሰጋኛል። በዚህ ሳምንት ዳይሬክተሯን ላናግር ነው። አብረን ብንሄድ ደስ ይለኛል፤ ካልተመቸህም የምናገረው ይህችን ለአንተ የጻፍኳትን ብቻ ነው።» ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ይንቀጠቀጥ። ብቻ ቃሉን አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።

ዳይሬክተሯ ጋ ስትገቢ 20 ደቂቃ ይበቃሻል። አንድ ገጽ ይዘሽ ግቢ፤ ምን እንደጎደለ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንዳስከተለ፣ ለአለቃሽ መቼ ምን እንደጠየቅሽ፣ አሁን ምን እንዲወሰን እንደምትፈልጊ። ስለ ሰውየው አትናገሪ። «አይሰማኝም» ሳይሆን «እስከዚህ ቀን አልተወሰነም» በይ። «አለቃሽ እንዴት ነው?» ብለው ቢያወጣጡሽ እንኳ ወደ ጉዳዩ ተመለሺ። «በመካከላችን ይቅር» ብለሽም አትለምኛቸው። እሳቸው ሊያደርጉ የሚችሉት የመጀመሪያ ነገር አለቃሽን ጠርቶ መጠየቅ ነው። ያን ከከለከልሻቸው ምንም ሊሠሩልሽ አይችሉም።

ሁለት ጊዜ የተከፈለውን ገንዘብ አንቺው አንሺው፣ ያውም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች። «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ገንዘቡ ተመልሷል፤ ለአለቃዬ የነገርኩት በዚህ ቀን ነው» በይ። ከሌላ ሰው የሰሙት ቀን «ይህን ደብቃ ስለ ሥራ ብዛት ልታወራኝ መጣች» ነው የሚሆነው። ካንቺ ሲሰሙት ግን የጉዳዩ ዋና ማስረጃ ይሆናል። አለቃሽ ወደ ላይ ሳያሳውቅ ቀርቶ ከሆነ በዚህ መደንገጡ አይቀርም። ቀድመሽ እንድትነግሪው የምወተውትሽ አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ራሱ ገብቶ ለመናገር ጊዜ ያገኛል።

የቀኑም ነገር አለ። የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሊሞላልሽ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሄድሽ ነጥብ ፈርታ ነው ይባላል። ዝቅተኛ ነጥብ በተሰጠሽ ማግሥት ከሄድሽ ደግሞ ቂም ይባላል። ከተቻለ ከሁለቱም ራቂ። ዳይሬክተሯና አለቃሽ የቆየ ወዳጅነት ካላቸውስ? ያም ቢሆን መሄድ ትችያለሽ፤ ጉዳዩ የቁጥጥር ከሆነ ወዳጅነት ብዙም አይሸፍነውም። ጉዳዩ የጠባይ ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ እመክርሽ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ቀዝቃዛ ይሆናሉ። ሰላምታው ያጥራል፣ ቀልዱ ይቀራል። ይህ በቀል አይደለም፤ የተከፋ ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜም ያልፋል። በቀል ሲሆን ሥራሽ ላይ ይታያል። ትገቢበት ከነበረ ስብሰባ ትቀሪያለሽ። ሁሌ ይሰጥሽ የነበረ ፈቃድ ያለ ምክንያት ይከለከላል። ሰምተሽው የማታውቂው ስህተት በጽሑፍ ይመጣብሻል። እንዲህ ያለውን ቀኑን፣ የሆነውን፣ ማን እንደነበረ ጻፊው። ሁለት ሦስት ከሆነ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ውሰጂው፤ የድርጅታችሁን የቅሬታ መመሪያም ከወዲሁ አንብቢው። አንዳንድ ቦታ መመሪያው ራሱ ከቅርብ አለቃ ቀጥሎ ማን ጋ እንደሚኬድ ይወስናል፤ ያን ጠብቀሽ የሄድሽ ከሆነ «አልፋ ሄደች» የሚልሽ አይኖርም።

ዳይሬክተሯም «አሁን አይቻልም» ሊሉሽ ይችላሉ። በሐቅ ልንገርሽ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ያን ጊዜ ግን የማታውቂውን አንድ ነገር ታውቂያለሽ። ችግሩ አለቃሽ ዘንድ ብቻ ሳይሆን ከዚያም በላይ ነው። ያኔ ጥያቄው ማንን ላናግር መሆኑ ያበቃና እዚህ ልቆይ ወይስ ሌላ ልፈልግ ይሆናል። ከዚያም ወዲያ ያለውን ደረጃ ለዚህ ጉዳይ አትውጪ። ውሳኔያቸውን ግን በጽሑፍ እንዲያሳውቁሽ በትሕትና ጠይቂ፤ ማረጋገጡም ክፍያውም በአንድ እጅ የቀጠለው በእነሱ ውሳኔ መሆኑ ይታወቅ።

ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ። አለቃሽ ያን ድርብ ክፍያ እንዳትናገሪ ካዘዘሽ፣ ወይም የሌላ ሰው ፊርማ መሆን ያለበት ቦታ ላይ እንድትፈርሚ ከጠየቀሽ፣ 15 ቀን አትጠብቂ፣ ቀድመሽም አትንገሪው። በቀጥታ ወደ ውስጥ ኦዲት፣ እሱ ከሌለ ወደ ዳይሬክተሯ ሂጂ። ስርቆት፣ ትንኮሳ፣ የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገርም እንደዚያው ነው። በደብዳቤሽ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፤ ካለ ግን ዛሬውኑ ጻፊልኝ።

እስከዚያው ክፍያ ከማውጣትሽ በፊት ዝርዝሩን በአቅራቢ ስምና በገንዘብ መጠን ደርድረሽ እዪው። በኢንቮይስ ቁጥር ብቻ አትመኪ። ያው ኢንቮይስ አንዴ 0457፣ አንዴ 457 ተብሎ ከገባ ሲስተሙ ሁለት አድርጎ ሊቀበለው ይችላል። ይህን ከነገ ጀምሪ፤ ሰዓት መመዝገቡንም አብረሽ። ከአለቃሽ ጋር የምትቀመጡበትን ቀን ግን ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ፣ እሱም ተንፈስ ባለበት ሳምንት አድርጊው።